አሥራ ሁለት እስር

ከአበርገሌ የሚወጣ የፍየል ሌጦ ሳሳ ያለ ነው፤ ቢላ ካልነካው ግን ነጋዴ አይቶ አያልፈውም። ባሌ ከሞተ በኋላ የያዝኩት ሥራ ይኸው ነበር። በገበያ ቀን ሰቆጣ መግቢያ ላይ ተቀምጬ ከቆላ የሚመጡትን ሰዎች እጠብቃለሁ። በኽምጣኛ እንከራከራለን፣ በአማርኛ እንስማማለን፤ ገንዘብ ላይ ሲደረስ ሁሉም አማርኛ ይቀናዋል። የገዛሁትን ቤት ወስጄ ጨው እነሰንስበታለሁ፣ ጥላ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ወደ ኮረም ይጫናል።

ኮረም ላይ ሌጦ የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ከየአገሩ የሚመጣላቸውን ያጠራቅሙና መኪና ሲገኝ ወደ ደሴ ይሰዱታል። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዝላቸው የእኔ ልጅ ነበር። ልጄ ሥራ ያገኘው በእኔ ሌጦ ይሁን፣ እኔ ገዢ ያገኘሁት በልጄ ይሁን፣ ዛሬ ሳስበው ይምታታብኛል። ሰው ሲጠይቀኝ «ቁልፍ ያዥ ነው» እል ነበር። ካልኩት በኋላ ደግሞ ሆዴ ይፈራል። የሰው ቁልፍ የያዘ የሰው ዕዳ ይይዛል።

የሌጦ ዋጋ የሚነገረው በኮርጃ ነው፤ ኮርጃ ማለት ሃያ ሌጦ ነው። በኮርጃ አንድ ሌጦ ደግሞ ምራቂ ይጨመራል። ምራቂ አይሸጥም፣ ሒሳብም ውስጥ አይገባም፤ ነገር ግን ያልመረቀን ሻጭ ሁለተኛ የሚጠራው የለም። ኮረም ላይ ሃያውን በአንድ ገመድ ያስሩታልና እዚያ «አንድ እስር» ካልክ አንድ ኮርጃ ማለትህ ነው። እኛ ዘንድ እንዲያ አይደለም። ከሰቆጣ ወደ ኮረም ሲኬድ ገደሉ አፍ ላይ አህያ በነጠላ የሚያልፍበት ስፍራ አለ። የደረቀ ሌጦ ግትር ነው። ሃያው ባንድ ላይ ከታሰረ ከአህያዋ ጎን ወጣ ብሎ አለቱን ይገፋል፤ አለቱም መልሶ አህያዋን ይገፋል። የጎረቤታችን አህያ እንዲያ ሆና ከነጭነቷ ወርዳ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ እኛ በአሥር በአሥር እናስራለን፤ ለእኛ እስር ማለት አሥር ነው። ይህን ለኮረም ሰው ማስረዳት አለብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። አፍ የለመደውን ቃል ማን ይጠራጠራል።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ሒሳባችን የቃል ነበር። አህያ ነጂው ይቆጥራል፣ ልጄ ይቆጥራል፣ ነጋዴው ይከፍላሉ። በዚያ ዓመት ግን ነጋዴው «እንግዲህ ያለ ፋክቱር አልቀበልም» ብለው ላኩ። ፋክቱር መስመር ያለው ወረቀት ነው፦ ባንዱ ዓምድ የዕቃው ዓይነት፣ ባንዱ ብዛት፣ ባንዱ የአንዱ ዋጋ፣ በመጨረሻው ድምር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ትምህርት ቤት ሲገባ ከእሱ ጋር ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ቃል በቃል እየነካካሁ አነባለሁ፤ ብዕር ሲሰጡኝ ግን እጄ ይደርቃል። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ ወደሚጽፉት መሪጌታ ሄድኩ።

«ምንድን ነው ዕቃው?» አሉኝ።

«የፍየል ሌጦ ነው፣ የኔታ።»

«ብዛቱ?»

«አሥራ ሁለት እስር።»

«ዋጋውስ?»

«ኮርጃው ሠላሳ ብር።»

መሪጌታ ከዚያ በፊት ጥቂት ዘመን ኮረም ቤተ ክርስቲያን አገልግለዋል፤ የኮረምን ነገር ያውቃሉ። ችግሩ ማወቃቸው ነው። እስር ስላቸው ኮርጃ ብለው ጻፉ። አሥራ ሁለቱን በሠላሳ አባዝተው ሦስት መቶ ስድሳ ብር አሉ። ልክ ነው፣ የማባዛቱ ነገር ልክ ነው። እኔም «ሦስት መቶ ስድሳ» ሲሉ ሰማሁ። እንዲያ ያለ ብዙ ገንዘብ በስሜ ሲጠራ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ መደንገጤን እንዳያዩብኝ ብዬ አውራ ጣቴን አሳርፌ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ስድስት ኮርጃ መሆኑን፣ መቶ ሰማንያ ብር መሆኑን ጣቴን ቆጥሬ ማወቅ እችል ነበር። ሰው ግን የተጻፈ ነገር ሲያይ ጣቱን ይረሳል።

ሌጦውን ይዘው የሄዱት ጎረቤቴ ናቸው፤ አያ እላቸዋለሁ፣ የታላቅ ወንድም ያህል ናቸው። አሥራ ሁለቱን እስር በሦስት አህያ ጫኑ፤ ስድስቱን ምራቂ ለብቻው አስሬ ባንዷ ላይ ደረብኩት። ደርሰውም ተመለሱ። ልጄ ተረክቦ ፈርሟል፤ ገንዘቡ መኪናው ከደሴ ሲመለስ ይከፈላል ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የመጣው በሌላ ጉዟቸው ነው። አያ አህዮቻቸውን ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ እኔ ደጅ መጡ። ሰው ጭነት ሳያራግፍ ከመጣ ወሬው ከጭነቱ የከበደ ነው።

«እታለም፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ቆሜ እሰማለሁ፣ አያ።»

«ልጅሽን አሰሩት። እስሩ ጎደለ ብለው አሰሩት።»

ነገሩን እየቆራረጡ ነገሩኝ። ደሴ ላይ እስሩ ተፈትቶ ሌጦው በየደረጃው ሲለይ፣ ከእኔ የመጣው ከነምራቂው መቶ ሃያ ስድስት ብቻ ሆነ። በፋክቱሩ አሥራ ሁለት ኮርጃ ማለት ምራቂውን ሳይጨምር ሁለት መቶ አርባ ነው። እኩሌታው የት ገባ? ቁልፉ ያለው በልጄ እጅ ነው። ነጋዴው ለፖሊስ አመለከቱ።

«እሱ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምንም አላለም። ‹የቆጠርኩት እስር ነው› ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም። ያ የነጋዴው ሒሳብ ያዥ ደግሞ ‹እናት ትልካለች፣ ልጅ ይፈርማል› እያለ በየሱቁ ያወራል።»

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ፤ ሲበራልኝም ይበልጥ ጨለመብኝ። ስሕተቱ ያለው በእኔ ወረቀት ላይ ነው። ዝም ካልኩ ልጄ ሌባ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ በሐሰት ፋክቱር ገንዘብ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ፈርሞ የተቀበለው እሱ ነው፤ ያኔ ሁለታችንም ሌቦች ነን። እናት ልጇን ለማውጣት አንድ በር ስታንኳኳ፣ በሩ በእሱ ላይ ቢዘጋስ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንጀራ አልወረደልኝም። ስለት ተሳልኩ፤ ስለቱንም ለማን እንደተሳልኩ ረስቼ እንደገና ተሳልኩ።

መሪጌታ ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ።

«እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እኔም ያልኩትን ነው ያልኩት፣ የኔታ።»

«እስር አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«እስር ኮርጃ አይደለም?»

«እኛ ዘንድ አሥር ነው።»

ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ቅኔ ሆነብን እኮ። ሰሙን አንቺ ያዝሽው፣ ወርቁን እኔ ይዤ ሄድኩ፤ ልጁ በመሐል ታሰረ» አሉ። ቀጥለውም ወረቀት አነሱ።

እኔ ደብዳቤው ልጄ ንጹሕ መሆኑን፣ አባት የሌለው መሆኑን፣ ለእኔም ሌላ እንደሌለኝ እንዲናገር ፈለግሁ። መሪጌታ እንቢ አሉ።

«የሒሳብ ደብዳቤ አያለቅስም» አሉኝ። «ካለቀሰ ‹ይህ ለልጁ ነው የተጻፈው› ይሉታል። የልጁን ስም አናነሳም። አንቺ ዕቃ አቅራቢ ነሽ፣ እሳቸው ገዢ ናቸው። የተሳሳተውን መስመር እናሳያለን፣ የቀናውን መስመር እናሳያለን፣ ልዩነቱን እንናገራለን። በቃ።»

እንዲህ ጻፉ፤ እኔም በኋላ እየነካካሁ ብዙ ጊዜ ስላነበብኩት በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ቀደም ሲል በላክሁልዎ ፋክቱር በመጀመሪያው መስመር የፍየል ሌጦ ብዛት 12 ኮርጃ፣ የአንዱ ኮርጃ ዋጋ 30 ብር፣ ድምር 360 ብር ተብሎ የተጻፈው በአነጋገር ልዩነት የተነሳ የተፈጠረ ስሕተት ነው። የተላከው 12 እስር ሲሆን በአገራችን ልማድ አንዱ እስር 10 ሌጦ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 120 ሌጦ ወይም 6 ኮርጃ፣ የአንዱ ኮርጃ ዋጋ 30 ብር፣ ድምር 180 ብር መሆኑ ታውቆ በብልጫ የተጠየቀው 180 ብር እንዲቀነስ፣ የቀድሞው ፋክቱር እንዲሰረዝና ከዚህ ጋር በተያያዘው እንዲተካ አመለክታለሁ። ምራቂ በኮርጃ አንድ ሒሳብ 6 ሌጦ ያለ ዋጋ አብሮ ተልኳል።»

ስሕተቱ የማን እንደሆነ ወደሚናገረው ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። እሳቸው ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም፤ እኔም የእኔ ብቻ እንዲሆን እፈራለሁ። ኋላ «በአነጋገር ልዩነት የተነሳ» ብለው ጻፉና ሁለታችንም ተነፈስን።

ሳነበው ግን ምራቂ የሚለው ቃል ላይ ጣቴ ቆመ።

«የኔታ፣ ይህን ያውጡልኝ።»

«ለምን?»

«ልጄ ያለበት መጋዘን ውስጥ ያለ ዋጋ ዕቃ ሰጠች ይሉኛል። ጉቦ ይሉታል።»

«ምራቂ ጉቦ ሆኖ ያውቃል?»

«በደህና ቀን አይሆንም። ሰው የታሰረ ቀን ሁሉም ነገር ይሆናል።»

መሪጌታ አሰቡበት። «ብናወጣው ደሴ ላይ የተገኙት ስድስት ትርፎች ከየት መጡ ሊባል ነው» አሉ። «መቶ ሃያ ብለን መቶ ሃያ ስድስት ከተገኘ ደብዳቤያችንም ተሳሳተ። ይቆይ።» እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ያም ሆኖ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩበት። አዲሱንም ፋክቱር ሲጽፉ ከፊታቸው ተቀምጬ በየመስመሩ ጣቴን ቆጠርኩ።

ደብዳቤውን በአያ እጅ መስደድ እችል ነበር። እግሬ አልቀር አለኝ። ከአህዮቹ ኋላ ኋላ እየሄድኩ፣ ወረቀቱን በመቀነቴ ውስጥ ጠቅልዬ፣ በየዕረፍቱ ላብ እንዳያበላሸው እየዳሰስኩ ኮረም ገባሁ። መንገድ ላይ አያ ሊያስቁኝ ሞከሩ። «አንቺ እንዲህ እየዳሰስሽው እስክንደርስ ፊደሉ ይለቃል፤ ነጋዴው ባዶ ወረቀት ቢያዩ ‹ሒሳቡን ሁሉ ተውሽልኝ› ይሉሻል» አሉኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

መጀመሪያ ወደ ፖሊስ ጣቢያው መሄድ ፈልጌ ነበር። አያ ከለከሉኝ። «ልጅሽን አይተሽ ከሄድሽ ነጋዴው ፊት አፍሽ አይፈታም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ነጋዴው ሱቃቸው በር ላይ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጅ ነሣሁ፤ ደብዳቤውን ሰጠሁ። ለሒሳብ ያዣቸው አቀበሉት፤ ጮክ ብሎ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ እኔን ሳይሆን እሳቸውን አየ።

«ጌታዬ፣ እናት አይደለች?» አለ። «መቶ ሰማንያ ብር ከሰጠች ልጇን አወጣች ማለት ነው። እኔም እናቴ ብትችል ታደርግልኝ ነበር።»

ይኸው፣ የፈራሁት ቃል። ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እውነት ነው። እኔ መቶ ሰማንያ ብር አይደለም፣ ቤቴንም እሰጥ ነበር። ለመናገር አፌን ከፍቼ የወጣኝ ሌላ ነው።

«ምራቂው ጉቦ አይደለም፣ ጌታዬ። ሁልጊዜ የምሰጠውን ነው የሰጠሁት።»

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ማንም ስለ ጉቦ አልጠየቀኝም። መንገዱን ሙሉ በሆዴ ሳመላልሰው ስለነበረ አምልጦኝ ነው። ሒሳብ ያዡ ፈገግ አለ። ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ምራቂው ስንት ነው ያለው?»

«ስድስት» አለ ሒሳብ ያዡ።

«ተረክበናል?»

«መቼም ተልኮ ከሆነ…»

«ከሆነ አትበለኝ። ያን ቀን የተፈረመውን የርክክብ ወረቀት አምጣው።»

ወረቀቱ መጣ። የልጄን ጽሕፈት ከሩቅ አወቅሁት፤ ‹ረ›ን ሲጽፍ እግሯን ያስረዝማል፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። ሽማግሌው ራሳቸው አነበቡት፦ እስር 12፣ ምራቂ 6።

«አንተ» አሉት ሒሳብ ያዡን፣ «ከእኔ ጋር ስንት ዘመን ሆነህ?»

«ቆይቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«እኔ ምራቂ ትቼ አውቃለሁ?»

አያ ከበሩ ላይ ሆነው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ነጋዴው በምራቂ ነገር የታወቁ ናቸው፤ አንድ ምራቂ ያጎደለን ሻጭ መንገድ ድረስ ሰው ልከው ያስመልሳሉ ይባላል። ሒሳብ ያዡም «ኧረ የለም» አለ፤ መሐላ አላስፈለገውም።

«አሥራ ሁለት ኮርጃ ገዝቼ ስድስት ምራቂ ተቀብዬ ዝም የምል እኔ ነኝ? ያን ቀን ደሴ ነበርኩ እንጂ ሳላራግፍ አስቆማቸው ነበር። ይህ ልጅ የጻፈው ጠብ ሳይመጣ ነው። ምራቂው ስድስት ከሆነ ኮርጃው ስድስት ነው። ሌባ እኩሌታውን ሰርቆ ምራቂውን በልኩ ቀንሶ አይመዘግብም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ሴት፣ ለምንድን ነው በአሥር የምታስሩት?»

ስለ ገደሉ ነገርኳቸው። አያ ስለ አህያዋ ነገሯቸው፤ ስለ አህያዋ ሲናገሩ ትንሽ አበዙት።

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?»

«ማን ጠየቀን፣ ጌታዬ» አሉ አያ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጣን ነበር። ነጋዴው ሒሳብ ያዡን ይዘው ጣቢያ ሄዱ፤ ክሳቸውን አነሱ። ይቅርታ አላሉም፤ እኔም አልጠበቅሁም። በደብዳቤው ግርጌ «ታይቶ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የቀድሞው ይሰረዝ፤ በስድስት ኮርጃ ይከፈል» ብለው ፈረሙ፤ መቶ ሰማንያ ብር ቆጥረው ሰጡኝ። ልጄንም «ነገ ጧት መጋዘኑን ክፈት» አሉት። እንዲህ ነው የሚሆነው። የሰውን ልጅ ያህል ነገር አስረው፣ ፈትተው፣ በማግሥቱ ቁልፍ ያቀብሉታል።

ልጄን ሳቅፈው ጎኑ ቀጥኗል። ያን ዕለት ወደ ማታ መጋዘኑ ጥግ ላይ ተቀምጠን፣ ጨው ጨው በሚሸተው በዚያ አየር፣ የሆዴን ጠየቅሁት።

«አንተ እኮ እስራችን አሥር መሆኑን ታውቃለህ። ከልጅነትህ ገመዱን ስትይዝልኝ ነው ያደግከው። ለምን አልነገርካቸውም?»

የእጁን ጥፍር እያየ መለሰልኝ።

«ፋክቱሩ ላይ ያንቺ አሻራ ነው ያለው፣ እማዬ። አሥር ነው ብላቸው፣ ‹እናትህ ታዲያ ለምን ኮርጃ ብላ ጻፈች› ሊሉኝ ነው። አንቺን ያመጡሻል ብዬ ነው።»

«እኔስ ብናገር አንተን ይጨምሩብሃል ብዬ አይደል የፈራሁት።»

«እንግዲያ ሁለታችንም ዝም ብንል ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም።

አሁንም ሌጦ እልካለሁ። አያም ያንኑ መንገድ ይሄዳሉ። ነጋዴው በሃያ እሰሩ ብለው አንድ ጊዜ ልከው ነበር፤ አያ «መጥተው አህያዋን ራስዎ ይንዷት» ብለው መለሱላቸው፤ በአሥሩ ቀረ። ፍርሃቴ ግን አልሄደም። አያ ከኮረም በተመለሱ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ፊታቸውን ሳይሆን አህዮቹ ተራግፈው እንደሆነ ነው። እናትነት እንዲያ ነው መሰለኝ፤ አንዴ የተፈታ ነገር ለእናት ሁልጊዜ እንደታሰረ ይቀራል።

ፋክቱሩን ዛሬም መሪጌታ ይጽፉታል። ግን ብዛቱ ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አንስተው ይጠብቁኛል።

«ስንት እስር?» ይሉኛል፣ ሊያናድዱኝ።

«ጥቅል ይበሉ፣ የኔታ» እላቸዋለሁ። «አሥር አሥር ሌጦ ያለው ጥቅል። ያኛውን ቃል በልጄ አጠገብ አይጻፉብኝ።»